ሦስተኛው ሌሊት፦ ዴሊሪየም ትሬመንስን የምናስተምርበት ታሪክ ከየት ይጀምር?

«መጠጥ ካቆመ እኮ ሦስት ቀን ሊሆነው ነው፤ አሁን ምን አመጣው?»

ስለ ዴሊሪየም ትሬመንስ፣ ማለትም ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው መጠጥ ሲያቆም ስለሚመጣበት ከባድ የአእምሮ መምታታት፣ ቅዠትና መንቀጥቀጥ፣ ይህን የጠየቀችኝ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ናት። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የእኛ የመምህራኑ ይመስለኛል። ለተማሪዎች የምናድለው የማስተማሪያ ታሪክ ብዙውን ጊዜ «ለዓመታት አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ የ46 ዓመት ሰው» ብሎ ይጀምራል። መልሱ ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ስለተቀመጠ ለተማሪው የሚቀረው የመድኃኒቱን ስም መጥራት ብቻ ነው። በሥራ ላይ ግን በሽተኛው የሚመጣው አጥንቱ ተሰብሮ ወይም ሳንባው ታሞ ነው፤ ስለ መጠጡም የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል። በእኔ እምነት ታሪኩ መጠጡን ደብቆ ሰዓቱን መስጠት አለበት።

እኔ የምጠቀምበት ታሪክ እንዲህ ይላል። የ46 ዓመት ሰው ቅዳሜ ማታ ከደረጃ ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰበረ። እሑድ ጠዋት ወደ ቀዶ ሕክምና ሊገባ ሲል እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የልቡ ምት በደቂቃ 104 ነው፤ መዝገቡ ላይ «ፈርቷል» ተብሎ ተጻፈ። ሰኞ ጠዋት ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛና አንሶላው በላብ እንደራሰ ነርሷ አስተዋለች፤ «ሕመሙ ነው» ተባለና ማስታገሻ ተጨመረለት። ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተተከለለትን የደም ሥር መርፌ ነቅሎ፣ ከአንሶላው ላይ የሌለ ጉንዳን እየለቀመ፣ ነርሷን በእህቱ ስም ይጠራል። የልቡ ምት 132፣ የደም ግፊቱ 176 በ104፣ ሙቀቱ 38.4 ነው።

እዚህ ላይ አቁሜ ተማሪዎቹን ስጠይቅ አብዛኞቹ የቁስል ኢንፌክሽን ይላሉ። መልሱ መጥፎ አይደለም፤ ያልታየው የሁለቱ ቀን ሰንሰለት ነው። ለባለቤቱ ተደውሎ ሲጠየቅ፣ ሰውየው በየቀኑ አንድ ጠርሙስ ጠንካራ መጠጥ እንደሚጠጣና ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንደሆነ ተናገረች። ሲቆጠር የእጁ መንቀጥቀጥ የመጣው ከ12 ሰዓት ያህል በኋላ፣ ቅዠቱ ደግሞ በ54ኛው ሰዓት ነው። እንደ ሚጥል በሽታ ያለው መንፈራገጥ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ሲመጣ፣ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚጀምረው ከ48 እስከ 96 ባለው ሰዓት ነው። ለተማሪዋ ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ነው። አልኮል የአንጎልን ፍሬን የሆነውን ጋባን ያጠነክራል፤ አነቃቂውን ግሉታሜትን ያፍናል። አንጎልም ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል በዓመታት ውስጥ ፍሬኑን ያላላል፣ አነቃቂውን ያበረታል። መጠጡ በሰዓታት ውስጥ ከደም ሲወጣ ይህ ለውጥ አብሮ አይወጣም፤ ልጓም የሌለው መነቃቃት ቀናት ይወስዳል።

ቅዠት ያየ ሁሉ ግን ዴሊሪየም አለበት ማለት አይደለም። መጠጥ ባቆመ በአንድ ቀን ውስጥ የሌለ ነገር እያየ ወይም እየሰማ፣ የት እንዳለና ማን እንደሚያናግረው አጥርቶ የሚያውቅ በሽተኛ አለ። ሁለቱን የሚለየው ትኩረት ነው፤ ለመለየትም መሣሪያ አያስፈልግም። በታሪኩ ውስጥ ነርሷ «ከእሑድ ጀምረው ቀኖቹን ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ» ትለዋለች። «እሑድ፣ ቅዳሜ… ሰኞ… ኧረ ይኼን ጉንዳን አንሡልኝ!» ይላታል። ይህን አንድ መስመር ከታሪኩ ያወጣ መምህር ዋናውን ምልክት አወጣ ማለት ነው።

መጠጥ ያቆመ ሰው የሚታዩበትን ምልክቶች የሚለካውን፣ ሲዋ የሚባለውን ባለ አሥር ነጥብ መመዘኛ እዚህ ላይ ለመጠቀም የሚሞክሩ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። መመዘኛው ስለ ማቅለሽለሽ፣ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ቆዳ ስሜት በሽተኛውን ይጠይቃል፤ ቀን መቁጠር ያቃተው ሰው ግን ለእነዚህ የታመነ መልስ አይሰጥም። በዚህ ደረጃ የሚለካው መረበሹና መረጋጋቱ፣ ትንፋሹና የልብ ምቱ ነው።

ምክንያቱ ተገኘ ብሎ ሌላውን መርሳትም ሌላ ወጥመድ ነው። ሰውየው ወድቋልና ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል፤ ሙቀት አለውና ቁስሉና ሳንባው መታየት አለባቸው፤ የደም ስኳሩ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ በጣት ጠብታ ይለካል። የመጠጥ ታሪክ መገኘቱ ከእነዚህ አንዱንም አይሰርዝም።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚዘረጉት እጅ ወደ ቅዠት ማስታገሻው ሃሎፔሪዶል ነው፤ ቅዠት አይተዋልና። ይህ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ የጎደለውን ፍሬን አይተካም፤ አንጎልን ለመንፈራገጥ ያጋልጣል፣ የልብንም ምት ሊያዛባ ይችላል። ፍሬኑን የሚተካው የቤንዞዲያዜፒን ወገን ነው። በታሪኩ ውስጥ ከዚሁ ወገን የሆነው ዳያዜፓም 10 ሚሊ ግራም ቀስ ተብሎ በደም ሥር ይሰጣል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ለውጥ የለም፤ ሌላ 10 ይሰጣል። አሁንም ከአልጋው ሊወርድ ይታገላል። አብዛኞቹ ተማሪዎች እዚህ ላይ «20 ሰጥተናል፤ ይበቃል» ይላሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ሰውየው ለአጥንቱ ሕመም ኃይለኛ ማስታገሻ ወስዷልና ትንፋሹ ሊደክም ይችላል። ይሁን እንጂ የሚበቃውን መጠን የሚወስነው የበሽተኛው ሁኔታ ነው፤ ኦክስጅኑና ትንፋሹ ያለማቋረጥ እየታዩ፣ ትንፋሽ ለማገዝ የሚችል ሰውና መሣሪያ አጠገብ ሆኖ፣ መድኃኒቱ ይደጋገማል። በታሪኬ 60 ሚሊ ግራም ላይ ዐይኑን ጨፈነ፤ ስሙ ሲጠራ ይገልጣል፣ በደቂቃ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። የምንፈልገው ይህን ነው። ሌላው በሽተኛ በ30 ሊረጋጋ፣ ሌላው ከ100 በላይ ወስዶ ላይረጋጋ ይችላል፤ ያልተረጋጋው ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ሄዶ ፌኖባርቢታል ወይም ፕሮፖፎል ያስፈልገው ይሆናል። ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ወይም በዕድሜ የገፋ ቢሆን ኖሮ፣ ዳያዜፓም በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ከዚያው ወገን ሎራዜፓም ይመረጥ ነበር።

የታሪኬ የመጨረሻ ገጽ ዓርብ ጠዋት ላይ ነው። ሰውየው ተረጋግቷል፣ ልቡ በደቂቃ 88 ይመታል፣ ቀኖቹን ግን አሁንም ያምታታል። ተረኛው ሐኪም «እየተሻለው ነው» ብሎ ሊያልፍ ሲል፣ ጣት እንዲከተል የተጠየቀው ዐይን ወደ ጎን ሲሄድ ይርገበገባል፣ ዳር ድረስም አይደርስም። ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ቢ1 ሲያንስ አንጎልን የሚጎዳው የቬርኒከ በሽታ ነው። አረማመዱ ሊያጋልጠው ይችል ነበር፤ ጭኑ የተሰበረ ሰው ግን ተነሥቶ አይራመድም፤ ስለዚህ ዐይኑን ያላየ ምንም አላየም። ተማሪዎቹ የመድኃኒት ወረቀቱን ወደ ኋላ ሲገልጡ ታያሚን ታዝዟል፤ በልማድ በቀን 100 ሚሊ ግራም የሚዋጥ ክኒን። የቬርኒከ ጥርጣሬ ላለበት ሰው መሰጠት የነበረበት በደም ሥር 500 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ ማክሰኞ ሌሊት፣ ግሉኮስ የሚሰጠው ከሆነም ከእሱ በፊት ወይም ከእሱ ጋር።