ነጥብ አምስቷ

ባለፈው እሑድ ክርስትና ተጠርቼ ነበር። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር አንድ ዘመዳችን ስልኩን አወጣና፣ የአባትና የእናቱን ቁመት ጠይቆ፣ ሕፃኑ ሲያድግ ስንት እንደሚሆን አወጀ። «መቶ ስልሳ ስምንት ነጥብ አምስት!» አርባ ቀኑ ነው እኮ፤ አንገቱ እንኳ አልጠናም። አያቱ «ይደግልኝ ብቻ» ብለው አለፉት። አባትየው ግን ፊቱ ጠቆረ። «አንድ ሰባ እንኳን አይሞላም?»

እኔን ያናደደችኝ ነጥብ አምስቷ ናት።

ስሌቱ ምስጢር የለውም። የአባትና የእናት ቁመት ይደመራል። ለወንድ 13 ሴንቲሜትር ይጨመራል፣ ለሴት 13 ይቀነሳል፣ ለሁለት ይካፈላል። አሥራ ሦስቷ የአዋቂ ወንድና ሴት አማካይ ልዩነት ናት። አባት 168፣ እናት 156፣ ድምሩ 324። 13 ሲጨመር 337፤ ለሁለት ሲካፈል 168.5። ስልኩ በሒሳብ አልተሳሳተም። ሐኪሞች ግን ከዚህ ቁጥር ጎን አንድ ነገር ይጽፋሉ፦ ለወንድ ልጅ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ለሴት 8.5 ገደማ። ስለዚህ ልጁ ከ158.5 እስከ 178.5 የትም ሊያርፍ ይችላል። የሰፈራችን ጎረምሳ አብዛኛው እዚያ ውስጥ ይገባል! ይህም ሆኖ ከዚያ የሚያፈተልኩ ጥቂቶች አይጠፉም። ሃያ ሴንቲሜትር ሙሉ ደብቆ በግማሽ ሴንቲሜትር መፎከር ምን ይባላል?

ደግሞም ስሌቱ ለወንድማማቾች ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። ወላጆቹ ያው ናቸዋ! የማንንም ቤት ወንድማማቾች ጎን ለጎን አቁማችሁ እዩ። አንዱ አምፖል ያለወንበር ይቀይራል፤ ሌላው ወንበር ያቀብላል፣ ወይም ራሱ ይወጣበታል።

«እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ቢያንስ «እይ» አለ እንጂ «ለካ» አላለም። አባቷንማ ከነጭራሹ ረስቶታል። ብልህ ነው፤ አባት ስለ ቁመቱ ሲጠየቅ እውነት አይናገርምና። እኔ የማውቃቸው ወንዶች በሙሉ «አንድ ሰባ አምስት» ናቸው። የሚስታቸውንም አያውቁትም፤ «እስከዚህ ትመጣለች» ብለው ትከሻቸውን ይነካሉ። አባት 4 ሴንቲሜትር ከዋሸ ልጁ ላይ 2 ተጨመረ ማለት ነው። ነጥብ አምስቷ ያኔውኑ ተበላች።

ከዚህ ትንበያ ጋር ቂም አለኝ፤ አልደብቅም። በልጅነቴ «አጎቶቹን አታዩም? ይመዘዛል» ተብሎ ዩኒፎርሜ በሁለት ቁጥር አልፎ ይሰፋ ነበር። «ያድግበታል።» እጅጌው ጣቶቼን ውጦ፣ ሱሪው በውስጥ ታጥፎ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከፊት እቆማለሁ። ሰልፍ በቁመት ነበራ! ዩኒፎርሙ ልኬ ሳይሆን አለቀ። ሰፊውም፣ አጎቶቼም፣ «ይመዘዛል» ያሉት ሁሉ ዛሬ ድረስ ይቅርታ አልጠየቁኝም።

የምር የሚያበሳጨው ግን ሌላ ነው። ስሌቱ ወላጆቹ ራሳቸው መድረስ የሚችሉበት የደረሱ አድርጎ ይቆጥራል። በ1977ቱ ድርቅ የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ የነበረ አባትስ? በእነዚያ ዓመታት ረሃብና ተደጋጋሚ ተቅማጥ የቀሙት ቁመት በኋላ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። 168 ብሎ የቆመው ሰው በደንብ በልቶ ቢያድግ 173 በሆነ ነበር እንበል። ለልጁ የሚያወርሰው የ173ቱን ዘር ነው፤ ረሃቡን አይደለም። የጠገበ ልጅ ታዲያ ከስልኩ ትንበያ አልፎ ይሄዳል፤ ጎረቤትም «ማንን መሰለ?» እያለ ያማል። ወሬ ቤት የሚያፈርሰው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

ቁጥሯ ጭራሽ አትጠቅምም አልልም። የሕፃናት ሐኪም የሚጠቀምባት ለጥንቆላ ሳይሆን ለማመሳከር ነው። ልጁ በእድገት ሰንጠረዡ ላይ የያዘው መስመር ከወላጆቹ ክልል በጣም ወርዶ ከተገኘ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። የግራ እጁን ራጅ አንስቶ አጥንቱ ምን ያህል እንደበሰለ ያያል፤ ወላጆቹ አጭር ሆነው የልጁ አጥንት ለዕድሜው ትክክል ከሆነ ብዙም አይደነግጥም። ከአምስት ዓመት እስከ ጉርምስና ባለው ጊዜ በዓመት 5 ሴንቲሜትር የማይጨምር ልጅ ግን፣ ወላጆቹ ምንም ቢሆኑ፣ ይታይ። ለዚያ የሚያስፈልገው በየስድስት ወሩ መለካት ብቻ ነው፤ ጫማ አውልቆ፣ ተረከዝ ግድግዳ ነክቶ፣ በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ሰዓት፤ ሰው ጠዋት ከማታው ይልቅ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማልና። አናት ላይ የተቋጠረ ሹሩባም ይፈታ፤ እናት ብትቆጣም።