የጎደለችው ሰረዝ

ባለፈው ማክሰኞ፣ ካርቶን ለሸጥንለት ትልቅ ድርጅት የላክነው ኢንቮይስ ሳይከፈል ተመለሰ። በ58ኛው ቀን። ስምምነታችን በ30 ቀን ሊከፍሉን ነበር። ምክንያቱ ደግሞ የግዢ ትዕዛዝ ቁጥሩ ላይ አንዲት ሰረዝ መጉደሏ ነው። ካርቶኖቹን የተረከቡን በዚያው ቁጥር ነው። እቃቸውን አሽገውባቸዋል፣ ሸጠዋል፣ ገንዘባቸውንም ተቀብለዋል። ሰረዟ የታየችው መክፈል ሲመጣ ነው።

ተናደደ እንዳትሉኝ። እኔ እንዲያውም ላመሰግነው የምፈልገው ሰው አለ። በየትልልቁ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ቁጭ ብሎ፣ በደወልን ቁጥር "ፕሮሰስ ላይ ነው" የሚለን ጀግና። ታውቁታላችሁ።

ሰውየው ሰነፍ አይደለም፤ ስሌት ያውቃል። እቃ መጋዘን ውስጥ የሚቆይበትን ቀን ይወስዳል። ከደንበኛ ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚፈጀውን ቀን ይደምርበታል። ከዚያ ለአቅራቢ ሳይከፍል የሚቆይበትን ቀን ይቀንሳል። የሚተርፈው፣ የድርጅቱ የራሱ ገንዘብ ከእጁ ወጥቶ የሚቆይበት ቀን ነው። የጥሬ ገንዘብ ዑደት ይሉታል። እሱ ጋ 40 ሲደመር 35 ሲቀነስ 30፣ 45 ቀን ነበር። ማሳጠር ነበረበት። ክምችት መቀነስ ራስ ያዞራል፤ ከደንበኛ ቶሎ መሰብሰብም ደጅ ያስጠናል። ሶስተኛው ግን ስልክ አለማንሳት ብቻ ነው የሚጠይቀው። 30ውን 90 አደረገውና ዑደቱ ከዜሮ በታች 15 ሆነ። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበለት። 60 ቀን ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም።

ከእኛ ነዋ! የእሱ ተከፋይ የእኛ ተሰብሳቢ ነው። እኛ ጋ እቃው 30 ቀን ይቆያል፣ ወረቀት ለሚያቀርብልን በ15 ቀን እንከፍላለን፣ ከእሱ በ90 ቀን እንሰበስባለን። ዑደታችን 105 ቀን። በስምምነቱ ቢከፍል ኖሮ 45 ነበር።

ግን የጥበቡ ጥበብ ሌላ ነው። 30 ቀን የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? እቃው ከገባበት ቀን የሚል የዋህ ነው። ኢንቮይሱ ከደረሰበት ቀን ነው። አይ፣ ከተመዘገበበት። አይ፣ ከጸደቀበት። ከጸደቀም በኋላ ከወሩ መጨረሻ ነው። ወሩ ሲያልቅ ክፍያ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ሐሙስ ፈራሚው መስክ ወጥቷል። በሚቀጥለው ሐሙስ ሲስተሙ እየታደሰ ነው። በሶስተኛው ሐሙስ ሁሉም ይሟላና ሰረዟ ትጠፋለች። አዲስ ኢንቮይስ ትልካላችሁ፤ አዲስ ቀን ይጻፍበታል። እዳዎችን በዕድሜ በሚደረድረው ሪፖርቱ ላይ የእኛ ገንዘብ ገና የ2 ቀን አራስ ነው። የዘገየ ክፍያ? የለበትም። ንጹህ ሰው! እኔማ አሁን ቀን የምቆጥረው እቃ ማስረከቢያው ላይ ከተፈረመበት ጀምሮ ነው፤ እሷን ፊርማ መልሶ አራስ ሊያደርጋት አይችልም።

ቅናሽ ላይም አይታማም። በ10 ቀን ከከፈልኩ 2 በመቶ ቀንሱልኝ ብሎ አስፈረመን። በ70ኛው ቀን ከፈለ፤ 2 በመቶዋንም ቀንሶ።

እስኪ አሁን ሽሙጡን ልተወው። በቀን የ10 ሺህ እንሸጣለን። ከስምምነቱ ያለፈው 60 ቀን 600 ሺህ ያህል ገንዘባችንን እሱ ጋ ያስቀምጣል። ያንን ጉድጓድ የምንሞላው በ18 በመቶ የባንክ ብድር ነው። በዓመት 108 ሺህ ወለድ። የዓመት ሽያጫችን 3 ሚሊዮን 650 ሺህ ነው፤ ያለዚህ ወለድ የሚተርፈን 5 በመቶ፣ ማለትም 182 ሺህ 500። ከግማሽ በላይ ትርፋችንን የበላው ውድድር አይደለም፣ ኪሳራም አይደለም፤ ስልክ የማያነሳ ሰው ነው። ባለፈው ወር የማሽን ሰራተኞቻችን ደሞዝ 9 ቀን ዘገየ። አንደኛው የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ የቤት ኪራዩን ሲነግረኝ "ፕሮሰስ ላይ ነው" ልለው ነበር። አፌ እንቢ አለኝ። ይሄ አሰራር አይደለም። ሳይጠይቁ፣ ያለ ወለድ፣ ከደካማው ኪስ መበደር ነው!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ሰረዟን ጨምሬ ኢንቮይሱን መልሼ ላክሁት። አብሬም ለሚቀጥለው ትዕዛዝ አዲስ ዋጋ ላክሁ፤ 3 በመቶ ጨምሬ። 18 በመቶ ወለድ ለ60 ቀን ሲሰላ እሷው ናት የምትመጣው። በ30 ቀን ለሚከፍል ዋጋው የድሮው ነው ብዬም ጻፍኩ።

ደብዳቤው በደረሰው በ20 ደቂቃ ውስጥ ጀግናችን ራሱ ደወለ። በሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው። "ዋጋው ለምንድነው የጨመረው? ዛሬውኑ መልስ እፈልጋለሁ" አለኝ።

ጥያቄውን በጽሁፍ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ሐሙስ ሐሙስ እናያለን። ሰረዝ እንዳይረሳ ብቻ።