ያለፈው ዓመት ውጤት በየዓመቱ የሚያምርበት ሰንጠረዥ

«የአሥር ዓመቱን ሰንጠረዥ ተመልከቱ፤ አንዱም ፈንድ የሰው ገንዘብ አላጠፋም። የተዘጋ ፈንድ ዛሬ አይገዛ፣ በሰንጠረዡ መኖሩ ለማን ይጠቅማል?» ይህ ሰሞኑን ሰንጋ ተራ በተካሄደ የኢንቨስትመንት ገለጻ ላይ ከመድረክ የተነገረ ነው። ፈንድ የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ተሰብስቦ ባለሙያ በአክሲዮንና በመሰል ነገር የሚያሠራው ነው፤ ሰንጠረዡ የፈንዶቹን የየዓመት ውጤት ያሳያል፣ የተዘጉት ግን አልገቡበትም።

የሚጠቅመው ገንዘቡን ሊያስገባ ለተሰለፈው ሰው ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ብሩን ያስቀመጠ ሰው ፈንዱ እንደሚዘጋ ማንም አልነገረውም፤ ዛሬ የሚያስቀምጠውም የትኛው እንደሚዘጋ አያውቅም። የሚገዛው የዛሬውን ፈንድ ቢሆንም የሚሸከመው የመዘጋቱንም ዕድል ነው። ያ ዕድል የሚታየው ደግሞ በተዘጉት ታሪክ ላይ ብቻ ነው። «ዕቁብ አይፈርስም» የሚል ሰው ማስረጃውን እሑድ እሑድ ከሚሰበሰቡት ዕቁቦች ብቻ ቢለቅም ማን ያምነዋል? የፈረሰው ዕቁብ ዳኛም ጸሐፊም የለውም፤ ሄዶ የሚጠይቀው አይኖርም።

በቁጥር እንየው። አሥር ፈንዶች እያንዳንዳቸው 100,000 ብር ይዘው ጀመሩ እንበል፤ በድምሩ 1,000,000 ብር። በመጀመሪያው ዓመት ሰባቱ 14 በመቶ አተረፉ፣ ሦስቱ 10 በመቶ ከሰሩ። ዓመቱ ሲያልቅ በእጅ ያለው 1,068,000 ብር ነው፤ የአሥሩ አማካይ ትርፍ 6.8 በመቶ ማለት ነው። ሦስቱ ተዘጉ፤ የቀራቸው 270,000 ብር ወደ ሰባቱ ተዛወረ። በሁለተኛው ዓመት ሰባቱ 8 በመቶ አተረፉ። ገንዘቡ 1,153,440 ብር ሆነ፤ በሁለት ዓመት 15.3 በመቶ።

ሰንጠረዡ ግን የሚያሳየው የሰባቱን ብቻ ነው፤ 14 በመቶ፣ በላዩ 8 በመቶ፣ በድምሩ 23.1 በመቶ። ከሰባቱ ቁጥር አንዱም ሐሰት አይደለም። ሐሰቱ ያለው አማካዩ ላይ ነው፤ በአሥሩ ፈንድ ላይ የተቀመጠው ገንዘብ በጠቅላላው ይህን አላገኘምና።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ የታተመው ሰንጠረዥ የዚያን ዓመት አማካይ 6.8 በመቶ ብሎ ነበር። ከዓመት በኋላ የታተመው ስለዚያው ዓመት 14 በመቶ ይላል። ዓመቱ ያው፣ ገበያው ያው ነው። የተለወጠው ዝርዝሩ ነው። በየዓመቱ ደካማው በወጣ ቁጥር ያለፈው ዘመን እያማረ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ በራቅን መጠንም ብዙ ፈንድ ስለተዘጋ ውሸቱ ይገዝፋል። ስለዚህ «የአሥር ዓመት ታሪክ አለን» የሚለው መመኪያ ማስተማመኛ ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም ከአንድ ዓመቱ ይልቅ ሊጠረጠር የሚገባው የአሥር ዓመቱ ነው።

መዝጋት ሁልጊዜ በር መቆለፍ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ውህደት ነው፤ የከሰረው ፈንድ ካተረፈው ጋር ይቀላቀላል፣ የውጤት ታሪኩ የሚቀጥለው ግን ያተረፈው ብቻ ነው። ደንበኛው ኪሳራውን ይዞ ይሻገራል፤ ኪሳራው የተመዘገበበት መስመር ግን ከሰንጠረዡ ይጠፋል።

ይህ የወረቀት ላይ ሥጋት ብቻ አይደለም። ምጣኔ ሀብት ተመራማሪው በርተን ማልኪየል እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት ከ1982 እስከ 1991 የነበሩትን የአሜሪካ የአክሲዮን ፈንዶች መርምረዋል። እስከ መጨረሻው የዘለቁት በዓመት በአማካይ 17.09 በመቶ አግኝተዋል። የተዘጉት ሲጨመሩ አማካዩ 15.69 ሆነ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የገበያ መለኪያ በዚያው ጊዜ 17.52 ነበር። የዘለቁትን ብቻ ያየ ሰው ባለሙያዎቹ ገበያውን ለጥቂት ሳቱት ይላል፤ ሁሉንም ያየ ግን በዓመት ወደ ሁለት በመቶ የሚጠጋ እንደተበለጡ ያውቃል።

በአጭር ጊዜ የመንግሥት የብድር ሰነድ ላይ ብቻ በሚሠሩ ፈንዶች ልዩነቱ ጠባብ መሆኑን እቀበላለሁ፤ በመካከላቸው የውጤት መራራቅ ስለሌለ ነው። በአክሲዮን ፈንድ ግን ይህ ማስተባበያ አይሠራም።

ማንኛውም ሰው ሊፈትሸው ይችላል። በየዓመቱ አምድ ሥር ስንት ፈንድ እንደተቆጠረ ይጠይቅ። ቁጥሩ በሁሉም ዓመት አንድ ዓይነት ከሆነ የዛሬዎቹ ብቻ ወደ ኋላ ተጽፈዋል። ያለፈውን ዓመት እትም ከዘንድሮው ጎን ያስቀምጥና የአንዱን ዓመት አማካይ ያስተያይ፤ ዘንድሮ ከፍ ብሎ ካገኘው የትኞቹ ስሞች እንደወጡ በጣቱ ይቁጠር።

የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያችን በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የአገር ውስጥ የፈንድ ሰንጠረዥም ልማዱን ከአሁኑ ይይዛል። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አንድ ነገር ያስገድድ፦ የተዘጋና የተዋሃደ ፈንድ ስሙ፣ የተዘጋበት ቀንና እስከዚያ ቀን ያለው ውጤቱ በሰንጠረዡ ላይ ይቆይ፤ በአማካዩም ውስጥ ይቆጠር። ከተዘጋ ፈንድ በኋላ የሚጨመረው አንድ መስመር ነው፤ ለዚያ መስመር ቦታ የለንም የሚል ኩባንያ ሰንጠረዡን ለማስታወቂያ እንዳይጠቀምበት ይከልከል።