ፓኬጁን የበላው ቪዲዮው አይደለም

«ቪዲዮ መላላኪያው ዳታ አይበላም ትላላችሁ። የወንድሜን የሠርግ ቪዲዮ ለአጎቴ ልጅ ላክሁለትና የዕለት ፓኬጄ ባዶ ሆነ። ታዲያ ማን በላው?» (ከደብረ ብርሃን)

ቪዲዮው አልበላውም። ፋይሉ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው የሚሄደው በዋይፋይ ሬዲዮ ነው። የኔትወርክ ታወሩ ጋ ጭራሽ አይደርስም። ሦስት ጊጋም ይሁን ሠላሳ ጊጋ ከፓኬጅ አንድ ሜጋ አይቀንስም።

ፓኬጁ ያለቀው መንገዱን በከፈተው ስልክ በኩል ነው። እንደ ዜንደር ያሉ አፖች «ላክ» ሲባሉ ከሁለቱ ስልኮች አንዱ የራሱን ትንሽ ዋይፋይ ይከፍታል፣ ሌላው ይገባበታል። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ አፑ ኢንተርኔት የሌለው፣ ለሁለቱ ብቻ የሚሆን ዋይፋይ መክፈት ይችላል። በቆየ ስልክ ላይ ግን፣ ወይም አልገናኝ ብሎ «ሆትስፖት አብራ» ሲል፣ የሚከፈተው ተራው ሆትስፖት ነው። ዳታዎ በርቶ ከነበረ ለአጎትዎ ልጅ ቪዲዮ ብቻ አልሰጡትም፤ ኢንተርኔትም አብረው ሰጥተውታል።

ጥር ላይ መናኸሪያ ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። ልጁ ወደ መሐል ሜዳ ሊሳፈር ነው፣ ሦስት ጊጋ ቪዲዮ ይቀበላል። ብዙዎቻችን በያዝነው ስልክ፣ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ፣ በሰከንድ አራት ሜጋባይት ያህል ቢሄድ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በብሉቱዝ ቢሆን ከሦስት ሰዓት በላይ ነበር፤ መኪናው ጣርማ በርን አልፎ መንዝ በገባ ነበር። ታዲያ በዚህ 12 ደቂቃ ልጁ ዝም ብሎ ቁጥሩን አያይም። ቲክቶክ ይከፍታል፣ የቴሌግራም መልዕክቶቹም ይገባሉ። «ዋይፋይ አለ» ብሎ ደስ ብሎታል፣ ፓኬጁ ግን የእርስዎ ነው። የቲክቶኩ ብቻ በቀላሉ መቶ ሜጋ ያልፋል። አንዳንድ ስልክ የተገናኘው ከሰው ሆትስፖት ጋር መሆኑን አውቆ ትልልቅ አፕዴቶችን ያቆያል፤ ይህን የማያውቅም አለ።

ማረጋገጥ ከፈለጉ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም ዝርዝሩን ይክፈቱ። ብዙ ስልኮች ላይ በሆትስፖት የወጣው ለብቻው ተጽፎ ይገኛል። እዚያ ላይ ትልቅ ቁጥር ካለ ነገሩ ይኸው ነው። ሆትስፖቱ ላይ ትንሽ፣ መላላኪያው አፕ ላይ ግን ብዙ ከሆነ ማስታወቂያ ነው። አፖቹ ነፃ ናቸው፣ የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው፤ ዳታ ካገኙ የቪዲዮ ማስታወቂያ ያወርዳሉ።

ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ አፑን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለታችሁም ዳታ አጥፉ። ሁለታችሁም ያልኩት አውቄ ነው። የላኪው ብቻ ጠፍቶ የተቀባዩ ቢበራ፣ የተቀባዩ ስልክ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ወደ ዳታው ሊመለስ ይችላል። ያኔ መላኩ መሀል ላይ ይቋረጣል። ይህን ጥያቄ ካመጣ «እንደተገናኘ ይቆይ» የሚለውን ይምረጡ።

ከዚህም አልፎ፣ ሁለቱም ስልኮች ካላቸው ክዊክ ሼርን እመርጣለሁ። እስከ 2024 መጀመሪያ በጉግል በኩል ኒርባይ ሼር ይባል የነበረው ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ ሌላ አፕ መጫን አያስፈልግም። በብሉቱዝ ይተዋወቁና ትልቁን ፋይል በዋይፋይ ያሳልፉታል። ሁለቱም 5 ጊጋኸርትዝ የሚቀበሉ ከሆኑ ያው ሦስት ጊጋ በሁለት ሦስት ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል። ሳምሰንግ ላይ ግን «በሊንክ ላክ» የሚለውን እንዳይነኩ። እሱ ቪዲዮውን መጀመሪያ ወደ ኢንተርኔት ይጭነዋል፤ ያኔ በእርግጥም ቪዲዮው ራሱ ፓኬጅዎን ይበላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ካሜራማኖች አሁን ሙሉውን ሠርግ በአንድ ፋይል ስለሚሰጡ። ፋይሉ ከአራት ጊጋ ካለፈ ተቀባዩ ሜሞሪ ካርድ ላይ ሳይሆን ስልኩ ላይ ያስቀምጠው። 32 ጊጋና ከዚያ በታች የሆኑ ካርዶች አብዛኞቹ የተዘጋጁበት ፋት32 የሚባለው አሠራር ከአራት ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይይዝም። ካርዱ ባዶ ሆኖም «ቦታ የለም» ቢል፣ ወይም አራት ጊጋ አካባቢ ደርሶ ቢቆም፣ አፑን አትውቀሱት። ስልኩ ላይም ቦታ ከሌለ ካሜራማኑን ለሁለት ቆርጠህ ስጠኝ በሉት።