«ጣል አድርግበት»

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ አንድ የቆዩ ደንበኛዬ በቴሌግራም ምስል ላኩልኝና ከሥሩ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ፖስተሩ አልቋል። አንተ ርዕሱንና ሎጎውን ብቻ ጣል አድርግበት።» እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «አንተ ልጅ» ይሉኛል፤ ልጅነቴ ካለፈ ግን ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ምስሉን ከፈትሁት። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያወጣው ባለ አራት ማዕዘን ሥዕል ሲሆን፣ ቡና የምታፈላ ሴት፣ ገና የሚጫወቱ ልጆች፣ ሦስት የባዛር ድንኳኖች፣ አንድ በግ፣ ርችት፣ ጢስ፣ አምፑል ያንጠለጠለ ጥድ፣ እንደ ገናም ሌላ ጥድ ይዟል። በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ጣት የምታርፍበት ባዶ ቦታ የለም።

እኔን ያበሸቀኝ ምስሉ አልነበረም፤ «ጣል አድርግበት» የምትለው ቃል ናት። ጨው ወጥ ላይ ጣል ይደረጋል። ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል። ርዕስ ግን ሰውነት ያለው ነገር ነው፤ ቁመትና ስፋት አለው፣ ግራና ቀኙ አየር ይፈልጋል። ሎጎም እንዲሁ። የኛ ሰው ግን ለባዶ ቦታ ያለው አመለካከት የታክሲ ረዳት አመለካከት ነው፤ ሦስት ሰው የሚይዝ ወንበር ላይ ሦስት ሰው ተቀምጦ እያየ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይቀመጥ» ይላል። እኔም በዚያች ምሽት ቡና የምታፈላዋን ሴት ጠጋ በይልኝ እያልሁ የምለማመጥ መሰለኝ።

እናቴ ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ያላት ተረት አንድ ነው፦ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» በልጅነቴ ይህን የምትለኝ ፈተና ወድቄ ስመጣ ስለ ነበር ለረጅም ጊዜ ስለ ትምህርት የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ስለ ፖስተር የተነገረ እንደ ሆነ ጥርጥር የለኝም፤ «መጥኖ» የሚለው ቃል እኮ የሙያችን ሁሉ መጀመሪያ ነው። የድሮው ቁም ጸሐፊ ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ይወጋል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያሰምራል፣ ኅዳጉን ይለያል፤ በቀይ የሚጻፈው ቅዱስ ስም የሚገባበትንም ቦታ ትቶ ያልፋል። የባለቤቱ ስም ገና ካልታወቀ «ለገብርከ» ይልና ቀጥሎ ባዶ ይተዋል፤ ስሙን የሚሞላ ሰው ሳይገኝ ያ ባዶ እስከ ዛሬ ክፍት ሆኖ የቀረባቸው መጻሕፍት አሉ። ያ ሰው ለማያውቀው ስም ቦታ መተው ችሏል፤ ጋሼ ግን ርዕሳቸው «የገና ባዛር» መሆኑን እያወቁ ለሁለት ቃላት ቦታ አልተረፋቸውም።

ለማንኛውም ጣል ለማድረግ ሞከርሁ። ወረቀቱ ኤ3 ነው፤ 29.7 በ42 ሴንቲ ሜትር። ምስሉ ግን እኩል ጎን ያለው ስለ ሆነ ወረቀቱን እስከ ቁመቱ እንዲሞላ አሳደግሁትና ግራና ቀኙን ቆረጥሁ፤ ከልጆቹ አንዱም ከነገና ዱላው ተቆርጦ ወጣ። ርዕሱን በነጭ ፊደል ከላይ በስተ ግራ፣ ጥዱ በመጠኑ ሳሳ ብሎ በሚታይበት ስፍራ አስቀመጥሁትና ለሙከራ ለማሳተም ወደ ማተሚያ ቤት ይዤው ሄድሁ። ማሽኑ ላይ የሚሠራው ወጣት ወረቀቱን ቀና አድርጎ አየና፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ «ባዛሩ ጉና ተራራ ላይ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቀርቤ አየሁት፤ ልጁ እውነቱን ነው። በረዶ የቋጠረች አንዲት ነጭ ቅርንጫፍ ከጥዱ ወጥታ የ«ገ»ን እግር መሐል ላይ፣ በስተ ቀኝ በኩል፣ ነክታው ቆማለች። «ገ» በእግሩ ወገብ ላይ በስተ ቀኝ ጭረት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ደግሞ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቃል። የገና ባዛር የጉና ባዛር ሆኖ አረፈው፤ ደቡብ ጎንደር ድረስ የሚያስኬድ ትርፍ ያለው ባዛር እንደ ሆነ እንጃ።

ይህ የፊደላችን ጠባይ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሚረሳ ነገር ነው። ካዕቡን ከግዕዙ፣ ሣልሱን ከኃምሱ የሚለዩት ከእግር ወይም ከጎን የሚወጡ ትንንሽ ጭረቶችና ቀለበቶች ናቸው። ከኋላቸው ቅርንጫፍ፣ የድንኳን ገመድ ወይም የአጥር እንጨት ካለ አንዱ ይጨምርባቸዋል፣ ሌላው ይውጣቸዋል። ስለዚህ ለአማርኛ ርዕስ የሚተወው ቦታ «ብዙም ያልተጨናነቀ» በመሆኑ አይበቃም፤ እንደ ፊደሉ ጭረት የቀጠነ ምንም ነገር የሌለበት መሆን አለበት።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቂሜን ካላነሣሁ ጽሑፉ አይወጣልኝም። ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ርዕሱ አልታይ ሲለው «ጥቁር ሳጥን ሥራለት» አለኝ፤ ሠራሁ። ከዚያ ፊደሉ ቢጫ ይሁን ተባለ፤ ሆነ። ከዚያ በፊደሉ ዙሪያ ቀይ መስመር፣ ማለት ስትሮክ፣ ከዚያ በቀዩ ላይ ነጭ ስትሮክ። ስትሮኩ በወፈረ ቁጥር የ«ቤ» ቀለበት እየተደፈነ ሄዶ በመጨረሻ ፊደሎቹ ሁሉ በዝናብ የተነፋ ዳቦ መሰሉ። ሥራው ሲሰቀል ደግሞ «ማነው የሠራው?» ተብሎ የተነሣው የኔ ስም ነው። ሳጥንና ስትሮክ ቦታ ያልተተወለት ርዕስ የሚለብሰው የተውሶ ልብስ ነው፤ ይህን ለሃያ ሰው ነግሬያለሁ፣ ሃያውም ስትሮክ አስጨምረውኛል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። በማግስቱ ደውዬ ምስሉን ያወጣላቸውን ማሽን ምን ብለው እንዳዘዙት ጠየቅኋቸው። ኩራት በተሞላበት ድምፅ አነበቡልኝ፦

```
Christmas bazaar poster, leave space for headline, no text, no lamps
```

ጋሼ ቦታ እንዲተውላቸው በጨዋ ደንብ ጠይቀዋል፤ ስሕተቱም እዚሁ ላይ ነው። ይህ ማሽን የተማረው ምስልን ከመግለጫው ጋር እያያያዘ ነው። መግለጫ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በምስሉ ውስጥ ያለውን ይጽፋል እንጂ የሌለውን አይዘረዝርም። ስለዚህ «አምፑል አይኑር» ስትሉት ማሽኑ የሚይዘው አምፑልን ነው። «ፖስተር» እና «ርዕስ» የሚሉትን ቃላት ሲሰማ ደግሞ ያየው ፖስተር ሁሉ ጽሑፍና ጌጥ የሞላበት ስለ ሆነ ያንኑ ለመምሰል ይሞክራል፤ አንዳንዴም ፊደል የሚመስል፣ ግን የማንም ያልሆነ ጭረት ይለቀልቃል።

ባዶ ቦታ የሚገኘው ባዶን በመለመን ሳይሆን ባዶውን የሚሞላውን ነገር በስሙ በመጥራት ነው፤ አንድ ወጥ የማታ ሰማይ፣ ልስን ግድግዳ፣ ጭጋግ። ሰዎቹና ዕቃዎቹ ደግሞ ከሩቅ የሚታዩ፣ ትንንሽና ከታች የተቀመጡ ናቸው ተብሎ ይነገራል። የማይፈለገው ነገር ከመግለጫው ውስጥ ወጥቶ በራሱ ስፍራ ይገባል፤ ሚድጀርኒ በሚባለው ምስል አውጪ ላይ ይህ ስፍራ `--no` ይባላል። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፍ ነበር፦

```
small market stalls at the bottom of the frame, seen from far away,
plain dark blue evening sky filling the upper two thirds
--ar 5:7 --no text, lamps, branches
```

`--ar` የወርድና የቁመት ልክ የሚነገርበት ነው፤ 5 ለ7 ደግሞ የኤ3ን ቅርጽ በጣም የሚቀርብ ልክ ነው። እንዲህም ተብሎ ማሽኑ አንዳንዴ ጨረቃ ወይም ወፍ ሰማዩ ላይ ጣል ማድረጉ አይቀርም፤ በዚህ በኩል ከጋሼ ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ይመስለኛል። ያን ጊዜ አራት አምስት ጊዜ ማስደገም ነው።

ጋሼ ግን «ይቺ ሴትዮ ከሄደች እኔም የለሁበትም» አሉ፤ ቡና የምታፈላዋን ወደዋታል። እንግዲያው ያለውን ማዳን ሊኖርብኝ ነው። ባለ እኩል ጎኑን ምስል ሳልቆርጥ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ባስቀምጠው ወርዱ 29.7፣ ቁመቱም 29.7 ይሆናል፤ ከ42 ላይ ሲቀነስ ከራሱ በላይ 12.3 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ለሁለት ቃላት ይህ ቤተ መንግሥት ነው። ማሽኑ ምስሉን ወደ ላይ ቀጥሎ ሰማዩን እንዲያራዝመው ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ያለ ምንም ዝግጅት ስሞክረው ሰማዩን ትቶ ጥዱን አራዘመው፣ አምፑሎቹንም አበዛቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማሽኑ የሚቀጥለው ጠርዙን ነክቶ ያገኘውን ነው። ስለዚህ የምስሉን የላይኛ ጠርዝ የነኩትን ቅርንጫፎች፣ አምፑሎችና ርችት አስቀድሜ አስጠፋሁ፤ ጠርዙ ሰማይ ብቻ ሲሆን እንደ ገና አስቀጠልሁት። አሁን ቀጣዩም ሰማይ ሆነ።

ባዶ የመሰለውን ሁሉ ግን አላመንሁም። የምስሉን ብርሃንና ጨለማ ከልክ በላይ አራርቄ ሳየው ጥቁር ሰማያዊው ውስጥ የተደበቀ የቅርንጫፍ ጥላ ብቅ አለ፤ በስክሪን የማይታየው እንዲህ ያለው ነገር በህትመት ላይ ሊወጣ ይችላል። እሱንም አጠፋሁ። ከዚያ ሥራውን በስልክ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል አሳንሼ አየሁት፤ «ገና» ገና ሆኖ ተነበበ።

ስለ ሎጎው አጭር ልሁን፣ ካልሆነ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ጋሼ የላኩልኝ ከስልካቸው ስክሪን ላይ የተነሣ፣ ነጭ ሳጥኑን የተሸከመ፣ ጥጉ ላይ የባትሪው ምልክት የሚታይ ሎጎ ነበር። እሱን ትቼ አዲስ ሣልሁላቸውና፣ ሣሩን ከታች ትንሽ አጥርቼ፣ ዙሪያውን የራሱን ግማሽ ቁመት ያህል አየር ሰጥቼ አስቀመጥሁት።

ሥራውን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ላክሁ። ርዕሱ ሰማዩ መሐል ላይ ነው፤ ከላዩም ከታቹም ምንም የለም። ጋሼ ወዲያው መለሱ፦ «አንተ ልጅ፣ በጣም አምሯል፣ እግዚአብሔር ይስጥህ! ብቻ ከርዕሱ በላይ ሦስት ጣት ያህል ቦታ በከንቱ ቀርቷልና አንድ ነገር ልኬልሃለሁ፤ ጣል አድርግበት።»

ከፈትሁት። አምፑል ነው፤ ከነቅርንጫፉ።