ስልካቸውን ለሚያጠፉ ጀግኖች

ጎንደር ውስጥ ምስጋናው የዘገየበት አንድ ወገን አለ። ለሥራ ይፈተናል፣ ያልፋል፣ «እሺ፣ ጥር 1 እጀምራለሁ» ይላል። በመሃል ሌላ የሚመቸው ሥራ ሲያገኝ ጭጭ ነው። ደብዳቤ የለ፣ ቴክስት የለ። ስልኩን ያጠፋል። የቀረውን ያቺ የቴሌ ሴትዮ ትናገርለታለች። እሷ ደግሞ ጨዋ ናት፤ ይቅርታም ትጠይቃለች።

ጥበቡ ያለው ይሉኝታው ላይ ነው። ሰውን ፊት ለፊት «አልመጣም» ማለት ነውር ነው። ሳይመጡ መቅረት ግን ማንንም አያስቀይምም። ሥራ አስኪያጁ ከተቀየመም ተደብቆ ነው፤ እኛ ፊቱን አላየንም።

ባለፈው ታኅሣሥ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ሁለት የዕለት ገቢ ሂሳብ ሠራተኞች ፈለገ። ጥምቀት ጥር 11 ነው። በዚያ ሰሞን ጎንደር ውስጥ አልጋ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሆቴሉ ሁለት አላፊዎችና አንዲት ተጠባባቂ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። ካለፉት አንዱ ጀግናችን ነው። ሌላዋ የማራኪ ልጅ ናት።

ሁለቱም በዚያው ሳምንት ሌላ በር ተከፈተላቸው። እሷ ሰሊጥ የሚነግድ ድርጅት ዘንድ የክምችትና የወጪ ሂሳብ ሥራ አገኘች። የተማረችውም፣ በፊት የሠራችውም እሱን ነው። የሆቴሉ ሥራ ግን ግማሹ የሌሊት ፈረቃ ነበር። ጀግናችንም የሚስማማውን አገኘ። እስከዚህ ድረስ እኩል ናቸው። ሰው የተሻለ የሚመጥነውን ሥራ ቢመርጥ ማን ይከሰዋል?

ከዚህ በኋላ ልጅቷ ፋራነቷን አሳየች። መጀመሪያ ዝም አለች። የሰሊጡ ድርጅት «ተቀጥረሻል» ያላት በቃል ስለነበር፣ ደሞዙና የመነሻ ቀኑ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት እጇ እስኪገባ ጠበቀች። ወረቀቱ በገባ ቀን ግን አላደረችም። ከሰዓት ለሥራ አስኪያጁ ደወለች። ነገሩን በሁለት ደቂቃ ነግራው ደብዳቤውን ይዛ ሄደች። የጻፈችው ይኸው፤ ሳቁባት፦

«ቀን፦ ታኅሣሥ 18
ጉዳዩ፦ የቀረበልኝን የሥራ ቅጥር አለመቀበሌን ስለማሳወቅ

በዕለት ገቢ ሂሳብ ሠራተኛነት እንድሠራ ስለመረጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም ሥራውን መቀበል እንደማልችል በአክብሮት አሳውቃለሁ። ከትምህርቴና ከሥራ ልምዴ ጋር ይበልጥ የሚሄድ የክምችትና የወጪ ሂሳብ ሥራ አግኝቼ ተቀብያለሁ። ከጥምቀት በፊት ሰው እንደሚያስፈልጋችሁ ስለማውቅ ጊዜ እንዲኖራችሁ ዛሬውኑ ላሳውቃችሁ ወድጃለሁ። ያስገባሁት የዋስትና ደብዳቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ወደፊት በሆቴሉ የወጪ ቁጥጥር ክፍል ቦታ ቢከፈት ለመወዳደር ፈቃደኛ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር»

ይህ ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው? እምቢታው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቁጭ ብሏል። የኛ ሰው ቢጽፈው መጀመሪያ ሆቴሉን አንድ ገጽ ያወድሳል። ከዚያ «በአንዳንድ አስገዳጅ ሁኔታዎች ምክንያት ትንሽ ሊያስቸግረኝ ይችል ይሆናል» ብሎ ያሳርጋል። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ሲጨርስ «ታዲያ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?» ብሎ ይደውላል። እንዲህ ተብሎ ከተደወለ ደብዳቤው እምቢ አላለም ማለት ነው። እሷ ላይ ግን ማንም አልደወለም። ተረድተዋታላ!

ምክንያቷም አንድ ብቻ ናት። የሆቴሉን የሌሊት ፈረቃ አላማችም። «እዚያ እንዲህ ይከፍሉኛል» ብላ አልጻፈችም። ይኼ ደግሞ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ደሞዝ ቢጠቀስ ኖሮ ድርድር ይከፈት ነበር። ሥራ አስኪያጁ «አንድ ሺህ ልጨምርልሽ» ይል ነበር። እሷ ትወዛወዝ ነበር። የሰሊጡም ሰውዬ ይሰማ ነበር። ስንት ጨዋታ አመለጠን!

እናቷንም አላሳመመችም። እኛ እኮ ሥራ በተቀየረ ቁጥር አንድ ዘመድ ሆስፒታል እናስገባለን። ችግሩ የታመመችው እናት ቅዳሜ ገበያ ላይ ከሥራ አስኪያጁ ሚስት ጋር ሽንኩርት ሲመርጡ መገናኘታቸው ነው።

በጣም ያሳቀኝ ግን የመጨረሻው ነው። «የወጪ ቁጥጥር ክፍል» ብላ ቦታውን ጠራችው። በሩን ገርበብ አድርጎ ለመውጣት «ወደፊት አብረን እንደምንሠራ ተስፋ አለኝ» ማለት ይበቃ ነበር። ይህን ሁሉም ይጽፈዋል፤ ማንም አያስታውሰውም። ሥራ አስኪያጁ ግን አሁን በየትኛው ሥራ ሊጠራት እንደሚችል ያውቃል። ምን ታካብዳለች?

በማግስቱ ተጠባባቂዋ ተጠራች። ገናን ሳትደርስ ሥራውን ለመደች።

አሁን ወደ ጀግናችን። ጥር 1 ጠዋት ስልኩ ጠፋ። ሆቴሉ ተጠባባቂ ፈለገ፤ አንዲቷ ገብታለች። ከሷ ቀጥሎ የነበረውን ልጅ ሲፈልጉት ባሕር ዳር ሥራ ይዟል። ስለዚህ ገንዘብ ያዡ ጥምቀትን ካልኩሌተር ታቅፎ አከበረ። ቃና ዘገሊላንም እንዲሁ።

ወዳጆቹ «ሕጉ ይፈቅድለታል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ጀግናችን ደግሞ ጭራሽ አልጀመረም። አዋጁ «ደውለህ ንገር» አይልም። ሕግ አክባሪ ዜጋ እንዲህ ነው፤ ካልተጻፈ አያደርግም።

ትንሽ የረሳት ነገር ዋስትናዋ ናት። ሥራው ገንዘብ ስለሚነካ አጎቱ ፈርሞለት ነበር። የአጎቱ ስልክ ፋይሉ ውስጥ አለ፤ እሱ ደግሞ ስልኩን አያጠፋም። አዘዞ ሱቁ ቁጭ እንዳለ ተደወለለት። «ልጁ የት ነው?» አሉት። እሱ እቴ፣ ሥራ የገባ መስሎት ቡና አስፈልቶ መርቆታል። ይባስ ብሎ አጎትዬውና ሥራ አስኪያጁ የአንድ ማኅበር ጠጪዎች ናቸው። ለነገሩ ጎንደር ሰፊ ከተማ ናት፤ ማን ማንን ያውቃል?

ከፋሲካ በኋላ የሆቴሉ የወጪ ተቆጣጣሪ ለቀቀ። ሥራ አስኪያጁ ለዚያች ፋራ ደወለላት። እሷ ሰሊጡ ተመችቷት ስለነበር አልሄደችም፤ አብራት የተማረች ጓደኛዋን ጠቆመች፣ ተቀጠረች።

የጀግናችን አዲሱ ሥራ ደግሞ ሰኔ ላይ በጀቱ አለቀና ተበተነ። እሱም በሙሉ ልብ ሲቪውን ይዞ ፒያሳ ወጣ። ጸሐፊዋ የድሮ ፋይሉን ወዲያው አገኘችው። ስሙ ጎን በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት ቃል አለች። «ምን ይላል?» ብሎ አንገቱን ቢያሰግግ ፋይሉን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «እንደውልልሃለን፤ ስልክህን እንዳታጠፋ» አለችው።