ባሌ «ባንክ ይቀመጥ» ይላል፣ እኔ «ይሥራ» እላለሁ

ዛሬ ልተንፍስ። ብሶቴ ብር ስለማጣት አይደለም። ያለችንን ብር የት እናድርጋት በሚል ሁለት ዓመት ሙሉ ስለተነታረክነው ነው።

እኔ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የቤት ዕቃ ሱቅ አለችኝ። ቴርሞስ፣ ድስት፣ ባልዲ፣ ሲኒ እሸጣለሁ። ባሌ አስተማሪ ነው። የሱ ደመወዝ በወሩ ይገባል። የኔ ገቢ ለጥምቀት ሰሞን ያብጣል፣ ክረምት ላይ ይተኛል። እንግዲህ ሰው ሲያስበው ገቢዋ የማይታመነው ሴትዮ ናት መፍራት ያለባት አይደል? በኛ ቤት ተገላቢጦሽ ነው። ደፋሯ እኔ ነኝ፣ ፈሪው እሱ።

ግንቦት 2016 እቁብ ደረሰኝ፣ 300 ሺህ ብር። በእጃችን ከነበረው 180 ሺህ ጋር 480 ሺህ ሆነ። በሕይወታችን ይህን ያህል ብር አንድ ላይ አይተን አናውቅም። እኔ «ዕቃ እናድርገው፣ መጋዘን ይቀመጥ» አልኩ። እሱ «ባንክ ይቀመጥ፣ ቸኩለን አንጣለው» አለ። አስቀመጥነው። ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ተባለና 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እኔ የምረከባት ቴርሞስ ዋጋዋ በየሳምንቱ ሲቀየር ብሩ ባንክ ተኝቷል። ያን ሰሞን እራት ላይ ስንት ጊዜ «አላልኩም?» እንዳልኩ እኔና እግዜር ነን የምናውቀው።

እሱም መልስ አላጣም። በ2014 ነጭ ሽንኩርት ገዝቼ አስቀምጬ 60 ሺህ ብር የሚያወጣው እንደበሰበሰብኝ ያነሳል። እውነት ነው፣ በስብሷል። ሽታው እስካሁን ከጓዳው አልወጣም። ግን ሰው አንዴ ሽንኩርት ስለበሰበሰበት ዕድሜ ልኩን ይዳኛል እንዴ?

ሽማግሌ ስናማክር ምን ተባልን? «ተስማሙ።» እሺ፣ እንዴት? የክርስትና አባቱ «እኩል ተካፈሉት፣ ግማሹ እንደሱ፣ ግማሹ እንደሷ» አሉን። ፍርድ ይመስላል። መስከረም 2017 እንደዚያው አደረግን። 240 ሺህ ባንክ ቀረ። በ240 ሺህ ከወንድሜ ጋር ግማሽ ለግማሽ ያገለገለ ባጃጅ ገዛን። ሹፌር ተቀጠረ፣ በየቀኑ ገቢ ያስገባል።

ይሄ ግማሽ ለግማሽ የሚባል ነገር ነው እንግዲህ ያቃጠለኝ። ጠቡን አላስቀረውም፣ ለሁለት ቦታ ከፈለው እንጂ። ባንክ ያለው «የሱ» ሆነ፣ ባጃጁ «የኔ» ሆነ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ባጃጅ እንዳይንቀሳቀስ በተባለ ቁጥር ባሌ አፉ ላይ ፈገግታ አያለሁ። የኛው ብር ነው እኮ የቆመው! እኔም ብሆን ዘይት ሲጨምር ውስጤ ደስ ይለው ነበር፣ «ያ ባንክ ያለ ብርህ ስንት ሊትር ገዛ?» ለማለት። በራሳችን ኪሳራ ነጥብ ስንቆጥር ነበር።

ደግሞ ማንም ያልወሰነው ነገር መጣ። ጥር ላይ አማቴ ታመሙ። ለሕክምናም፣ ለልጆች ትምህርት ቤትም በሦስት ወር ውስጥ 90 ሺህ ወጣ። ከየት? ከባንኩ ነዋ፣ የባጃጅ ጎማ ፈትተህ ሐኪም አትከፍልም። 150 ሺህ ቀረ። ግማሽ ለግማሽ ብለን ተማምለን፣ ሳናውቀው ከ390 ሺህ ውስጥ 240ው፣ ማለትም ከመቶ ስድሳ ሁለቱ፣ ባጃጅ ላይ ሆነ። የፈራው ሰው ካሰበው በላይ አደጋ ተሸከመ። የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ባጃጁ በቆመባቸው ሳምንታት ሱቄም ቆሟል። ከገጠር የሚመጣው ገበያተኛ መንገድ ሲዘጋ አይመጣማ! ከአዲስ አበባ የሚጫንልኝ ዕቃም አይገባም። ባጃጅ የገዛሁት ከሱቁ ሌላ ገቢ እንዲኖረን ነበር። ለካ ሁለቱም የሚኖሩት በአንድ መንገድ ነው፣ ሲዘጋ አብረው ይሞታሉ። ባሌ ይህን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ አደምጠው ነበር። እሱ ግን «ባጃጅ አደገኛ ነው» ብቻ ነው የሚለው። ባጃጅ ብቻውን አይደለም አደገኛው። ሱቅ ላላት ሴት፣ በዚህ ከተማ፣ በዚህ ጊዜ ነው አደገኛው።

አንዱን ደግሞ ልናገር፣ አሁንም ያናድደኛል። ጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በቴሌብር መሸጥ ጀመረ። አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። እኔ ምን አልኩ? «ብሩን ከባንክ አውጣና አንድ ሺህ እንግዛ!» 300 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ባንክ ያለው 240 ነበር እኮ፣ ስናደድ ሒሳብ አላውቅም። እሱስ? «አንድም አልገዛም።» አራት ወር ሙሉ ተከራከርን፣ ሽያጩ የካቲት 7 ተዘጋ፣ አንድም አልገዛንም። በ9,900 እና በ300 ሺህ መካከል ስንት ደረጃ እንዳለ ተመልከቱ! 15 ሺህ ብለን ብንነሳ ምን እንሆን ነበር? እኛ ግን የምንከራከረው «ይገዛ» እና «አይገዛ» ላይ ነበር፣ «ስንት» ላይ አልደረስንም። ይሄኛው ከጎንደር መንገድ ጋር የማይገናኝ መሆኑ ደግሞ የባሰ ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ እሁድ፣ መብራት ጠፍቶ ቴሌቪዥኑም ስለሌለ መሰለኝ፣ ከቡና በኋላ የተቀመጥነው። ከልጃችን ደብተር ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። «የየራሳችንን እንጻፍ፣ እንዳትሰርቅ» አልኩት። ጥያቄው አንድ ነው፦ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ብር ብንከስር ሳትጨቃጨቅ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሳታጣ ትችለዋለህ? በመቶኛ ሳይሆን በብር። «አሥር በመቶ» ሲባል ሰው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። «አርባ ሺህ» ሲባል ነው ፊቱ የሚቀየረው።

እሱ 40 ሺህ ጻፈ። እኔ 200 ሺህ። ተያየን። አስቡት፣ ይህን ያህል ተራርቀን ሁለት ዓመት «ተስማሙ» ስንባል የኖርነው።

መጀመሪያ በቁጥሩ ሳቅሁበት። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ቆጠርኩለት። ያ 480 ሺህ ብር ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ቢታሰብበት ዓመት ላይ 513,600 ይሆናል። ዕቃ በዓመት 15 በመቶ ከጨመረ ደግሞ ያኔ በ480 ሺህ የሚገዛው ነገር 552 ሺህ ይፈልጋል። ልዩነቱ 38,400 ነው። «ይኸውልህ» አልኩት፣ «አልችለውም ያልከውን አርባ ሺህ ልትከስር ነው፣ ደብተሩ ላይ ስለማይታይ ነው እንጂ።» ዝም አለ። መልስ አጥቶ ዝም ሲል በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ሁለተኛው ነው። ለጊዜ ገደብ ተቀማጭ ባንኩን ቢደራደር የተሻለ ወለድ እንደሚያገኝ ግን እኔም አልካድኩትም።

እሱም በተራው ያዘኝ። «የቤታችን ወጪ በወር 25 ሺህ ነው። ሱቁ ስድስት ወር ቢቆም ምን እንበላለን?» 150 ሺህ ማለት ነው። ባንክ የቀረን በትክክል 150 ሺህ! ይሄ ብር ትርፍ ማስገኛ ሳይሆን መተንፈሻ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። አይነካም ተባለ። አማቴ ቢታመሙ ከዚህ ይወጣል፣ ሌላ ነገር ከመገዛቱ በፊት ደግሞ መልሶ ይሞላል።

የቀረው ባጃጁ ነው። በማን ቁጥር እንሂድ? እኔ መሐሉን፣ 120 ሺህ እንበል አልኩ። እሱ ግን አንድ ነገር ተናገረ፦ «አርባ ሲያልፍ እኔ እሸበራለሁ፣ ተሸብሬም ባጃጁን ሽጪ እልሻለሁ፣ ያኔ ዋጋው የወደቀበት ቀን ነው።» እውነቱን ነው። ቀድሞ የሚደነግጠው ሰው ነው ሽያጩን የሚያስገድደው፣ ስለዚህ ኪሳራው የሚለካው በሱ ቁጥር ነው። ሽንፈት ቢመስለኝም ተቀበልኩ።

ግን 40 ሺህ ኪሳራ ማለት 40 ሺህ ብቻ ይሠራ ማለት አይደለም። ይሄን ነው ብዙ ሰው የሚያምታታው። ባጃጅ ተንኖ አይጠፋም። ተጣድፈን በክፉ ቀን ብንሸጠው ሲሶውን እናጣለን ብለን ገመትን። ሲሶው 40 ከሆነ ሙሉው 120 ሺህ ነው። ስለዚህ እስከ 120 ሺህ ድረስ ይሥራ ማለት ነው። ነገሩ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ይሄ ስሌት አይሠራም፣ ለሱ ኢንሹራንሱ በጊዜው መታደስ አለበት። ጠቅላላ ሊጠፋ የሚችል ነገር ቢሆን ኖሮ 40 ብቻ ነበር የሚገባበት። እኔ ግን ጠቅላላ በሚበሰብስ ነጭ ሽንኩርት ላይ 60 አስገባሁ፣ ስህተቴ ይኸው ተገኘ።

የኛ ድርሻ ዛሬ ቢሸጥ ደላሎቹ እንደሚሉት 200 ሺህ ያወጣል። ከወሰናችን በ80 ሺህ ይበልጣል። ወንድሜ ያቺን 80 በአሥር ወር፣ በየወሩ 8 ሺህ እየከፈለ ከኛ ይገዛል ተባለ። ብሩ በባሌ ምርጫ ጊዜ ገደብ ተቀማጭ ይገባል። ወንድሜ ለሁለት ቀን አኩርፏል፣ «ባልሽ አሳመነሽ» ብሎ። ባሌን ያሳመንኩት እኔ ነኝ ብዬ እየዞርኩ ነው የማወራው፣ እሱም እንደዚያው የሚያወራ ይመስለኛል።

ሁሉንም በዚያው በደብተር ወረቀት ጽፈን ከቡፌው መስታወት ውስጥ ለጥፈነዋል። በየስድስት ወሩ፣ አንዴ መስከረም አንዴ መጋቢት፣ ይከለሳል። በመሐል ማንም ስለ ባጃጅ ዋጋ አያነሳም። ለሱቁ ዕቃ ስገዛ አልጠይቀውም፣ ከ20 ሺህ በላይ አዲስ ነገር ውስጥ ስንገባ ግን ሁለታችንም እንፈርማለን።

የመጨረሻውን መስመር የጨመረችው ልጃችን ናት። «አላልኩም?» ያለ ሰው 200 ብር ሣጥኗ ውስጥ ይጨምራል። ትናንት ቆጠረችው፣ 1,400 ደርሷል። ሺው የኔ ነው።